ደካማ አሲድ በፒኤች ሜትር ቲትሬት ማድረግ፦ ኢኩዊቫለንስ ፖይንቱን በዴሪቫቲቭ ስፈልግ የያዝኩት ማስታወሻ

ዝግጅት

ያለኝ አሴቲክ አሲድ ነው፣ ወደ 0.1 ሞላር እንደሚጠጋ አውቃለሁ፣ የምፈልገው ግን ትክክለኛውን ቁጥር ነው። በ NaOH ነው ቲትሬት የማደርገው። የምፈልገው ነጥብ፣ ኢኩዊቫለንስ ፖይንቱ፣ ቤዙ አሲዱን ልክ የሚጨርስበት ቮልዩም ነው፤ እዛ ጋር ፒኤቹ ድንገት ስለሚዘል የከርቩ ስሎፕ፣ ማለትም ፈርስት ዴሪቫቲቩ፣ ፒክ ይሠራል፣ ሰከንዱ ደግሞ ዜሮን ያቋርጣል። አንድ ጓደኛዬ ኤሌክትሮዱን ስሰካ አይቶ "አንተ ደግሞ ምን ያደክምሃል፣ ፌኖልፍታሊን ጠብ አርግበትና ሮዝ ሲሆን አቁም" አለኝ። ለንጹህ አሴቲክ አሲድ እውነቱን ነው፣ ፌኖልፍታሊን ከ 8.2 እስከ 10 ባለው ፒኤች ላይ ነው ቀለም የሚቀይረው፣ የኔ ነጥብም 8.6 አካባቢ ስለሚወድቅ ልክ ይመጣል። ግን ቀጥሎ ቀለም ያለው ናሙና ስላለኝ፣ እሱ ላይ ደግሞ ሮዝ የሚባል ነገር ስለማይታይ፣ ዘዴውን መልሱን በግምት በማውቀው አሲድ ላይ ልፈትነው ብዬ ነው።

ዕቃው፦ 50 ሚሊሊትር ቡሬት፣ 25 ሚሊሊትር ፒፔት፣ 150 ሚሊሊትር ቢከር፣ ማግኔቲክ ስተረር፣ ፒኤች ሜትር ከኮምቢኔሽን ግላስ ኤሌክትሮድ ጋር፣ ባፈር 4፣ 7 እና 10። ሜትሩ ሁለት ዴሲማል ነው የሚያሳየው። ይሄን ልብ በሉ በኋላ ብዙ ጣጣ ያመጣል።

ኤሌክትሮዱ 3 ሞላር KCl ውስጥ ተቀምጦ ነበር ስለዚህ ብዙም አላስቸገረም። የመሙያ ቀዳዳውን ከፈትኩ (ከተዘጋ የውስጡ ፈሳሽ በደንብ ስለማይወጣ ንባቡ ይንሳፈፋል)፣ አምፖሏን በሶፍት ሳልፈትግ ነካ ነካ አድርጌ አደረቅኩ፣ ከዛ በሦስቱም ባፈር ካሊብሬት አደረግኩ። ስሎፑ ከቲዎሪው 98 ፐርሰንት መጣ፣ በ25 ዲግሪ ቲዎሪው በአንድ ፒኤች 59.16 ሚሊቮልት ነው።

ስለ ካሊብሬሽን አንዴ ልናገርና ልለፈው። ለዚህ ሥራ ሰው እንደሚያስበው ወሳኝ አይደለም። ሜትሩ በሙሉ 0.05 ከፍ አድርጎ ቢያነብ ከርቩ ወደ ላይ ይነሳል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፣ ዴሪቫቲቭ ደግሞ የሚያየው ለውጡን ብቻ ነው፣ ስለዚህ የፒኩ ቦታ እዛው ነው። እንዲያውም ፒኤች ትቶ ሚሊቮልቱን ራሱን መጠቀም ይቻላል። ፒኩን ወደ ጎን የሚገፋው ሌላ ነገር ነው፣ ኤሌክትሮዱ ሳይረጋ ማንበብ። የዘገየ ንባብ ካለ ዝላዩ ከተጨመረው ቮልዩም ኋላ ኋላ እያለ ይመጣና ነጥቡ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ስለዚህ የያዝኩት ሕግ፦ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ 0.01 በላይ ካልተንቀሳቀሰ ጻፍ፣ ከተንቀሳቀሰ ጠብቅ።

የ NaOH ነገር

እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። NaOH ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጣል፣ አንድ ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት OH⁻ በልቶ ካርቦኔት ይሆናል፣ ፒኤች 8.6 አካባቢ ስንደርስ ግን ካርቦኔቱ ባይካርቦኔት ድረስ ብቻ ስለሚሄድ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚመለሰው። ማለትም ቤዙ ይዳከማል፣ በዛ ላይ ካርቦኔቱ ራሱ ባፈር ስለሆነ ዝላዩን ያለሰልሰዋል፣ ፒኩም አጠር ሰፋ ይላል።

መደርደሪያ ላይ የነበረው ጠርሙስ ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ጋግሮ ስለነበር ለማጠቢያ ተውኩት። አዲሱን ከ50 ፐርሰንት NaOH ነው ያዘጋጀሁት። እንደዛ ወፍራም ሶሉሽን ውስጥ ሶዲየም ካርቦኔት አይሟሟም፣ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለውን ጥርት ያለውን በፒፔት ቀስ ብሎ መውሰድና ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ማቅጠን ነው። ውሃውን ማፍላቱ እዛው ውስጥ የሟሟውን ጋዝ ለማስወጣት ነው፣ ቢከር ውስጥ የምጨምረውም ውሃ እንደዚሁ የፈላ ነው።

ስታንዳርዳይዝ ያደረግኩት በፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት ነው፣ 110 ዲግሪ ላይ ደርቆ ዴሲኬተር ውስጥ የቀዘቀዘ። 0.5104 ግራም መዘንኩ፣ በ 204.22 ሲካፈል 2.499 ሚሊሞል። ቡሬቱ 25.32 ሚሊሊትር በላ፣ ስለዚህ 2.499 / 25.32 = 0.0987 ሞላር።

ፍታሌቱን የመረጥኩበት ምክንያት አለው። እሱም ደካማ አሲድ ነው፣ የሚጨርሰውም እንደ አሴቲክ አሲድ ከ8 በላይ ባለው ፒኤች ላይ ነው። ስለዚህ ቤዙ ውስጥ ትንሽ ካርቦኔት ቢቀር እንኳ በሁለቱም ቲትሬሽን ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ስለሚያደርስ አብዛኛው ይጣፋል። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሜቲል ኦሬንጅ ስታንዳርዳይዝ አድርጎ ከዛ ለአሴቲክ አሲድ መጠቀም ግን ይሄን ዕድል ያሳጣል፣ ፒኤች 4 አካባቢ ካርቦኔቱ ሁለቱንም OH⁻ ስለሚመልስ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሩጫ፣ በጅምላ

25.00 ሚሊሊትር አሲድ በፒፔት፣ 50 ሚሊሊትር የፈላ ውሃ (አምፖሏም የሪፈረንሱ ቀዳዳም እንዲሰምጡ ነው)፣ ስተረሩ አምፖሏን እንዳይመታ ኤሌክትሮዱን ወደ ጠርዝ። መጀመሪያ በ1 ሚሊሊትር ሄድኩ፣ ከ 22 በኋላ በ 0.5። ዓላማው ዝላዩ የት እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው። መንገድ ላይ አንድ ቼክ፦ ግማሹ ላይ፣ 12 ሚሊሊትር አካባቢ፣ ፒኤቹ 4.7 እና 4.8 መሃል መሆን አለበት (እዛ ጋር ፒኤች እና ፒኬኤ ይገናኛሉ)፣ ነበርም። ካልሆነ ወይ አሲዱ የተባለው አሲድ አይደለም ወይ ካሊብሬሽኑ ተበላሽቷል።

ዝላዩ አካባቢ የወጣው፦

```
V (mL)   pH
23.00    6.01
23.50    6.23
24.00    6.65
24.50   10.24
25.00   10.82
```

ኤክሰል ላይ A ቮልዩም፣ B ፒኤች። የተጠቀምኩት ፎርሙላ፦

```
C3: =(B3-B2)/(A3-A2)
D3: =(A3+A2)/2
E4: =(C4-C3)/(D4-D3)
F4: =(D4+D3)/2
```

C ፈርስት ዴሪቫቲቩ ነው፣ D ደግሞ እሱ የሚቀመጥበት ቮልዩም። D የምትባለውን ኮለም ብዙ ሰው ይዘላታል። በ 24.00 እና በ 24.50 መሃል የተሰላ ስሎፕ የ 24.50 ስሎፕ አይደለም፣ የመሃላቸው የ 24.25 ነው። ከ A ጋር ፕሎት ከተደረገ ፒኩ በሙሉ ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እዚህ ላይ ሩብ ሚሊሊትር፣ ማለትም አንድ ፐርሰንት ስህተት በነጻ። F ም እንደዛው ለሰከንድ ዴሪቫቲቩ ነው።

ስሎፖቹ 0.44፣ 0.84፣ 7.18፣ 1.16 ወጡ። ትልቁ 24.25 ላይ ነው። ሰከንድ ዴሪቫቲቩ 24.00 ላይ +12.7፣ 24.50 ላይ −12.0። ዜሮን የሚያቋርጥበት በቀጥታ መስመር፦

24.00 + 0.50 × 12.7 / (12.7 + 12.0) = 24.26

ፈርስቱ 24.25 ሰከንዱ 24.26፣ ሁለቱ ተስማሙ ብሎ ማቆም በጣም ያጓጓል። ግን እነዚህ ሁለት ምስክሮች አይደሉም፣ ከአንድ ዳታ የወጣ አንድ ወሬ ነው። በ 24.00 እና በ 24.50 መሃል ምን እንደሆነ የሚናገር ነጥብ የለም፣ ዝላዩ ሙሉ በሙሉ እዛ ክፍተት ውስጥ ነው የተደበቀው፣ ስለዚህ የትም ቢሆን ፒኩ መሃል ላይ ከ 24.25 ራቅ ብሎ አይወጣም።

ሁለተኛው ሩጫ፣ በ 0.05

አዲስ 25.00 ሚሊሊትር። እስከ 24.00 እንደበፊቱ፣ ከዛ በ 0.05 በ 0.05። የቡሬት አንድ ጠብታ ወደ 0.05 ሚሊሊትር ስለሆነ በተግባር አንድ አንድ ጠብታ ማለት ነው፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን በቢከሩ ግድግዳ ነክቶ በትንሽ ውሃ አጥቦ ማስገባት። እያንዳንዱን 0.05 እኩል ለማድረግ አልታገልኩም፣ የወጣውን ልክ አንብቤ ጻፍኩ፣ እንደ አጋጣሚ ጥሩ ሄደልኝ።

እዚህ አካባቢ ትዕግሥት ያልቃል። ከ7 በላይ ውስጥ ባፈር የሚባል ነገር ስለሌለ ኤሌክትሮዱ ለመርጋት አንድ ደቂቃም ከዛ በላይም ይፈልጋል፣ ብዙ ከቆየህ ደግሞ ከአየር ጋዝ ይገባና ፒኤቹ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል። መርጋትና መንሸራተት ይለያያሉ፦ ሲረጋ ለውጡ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ጋዝ ሲገባ ግን ሳያቋርጥ በአንድ ፍጥነት ይወርዳል። ስተረሩን ቀዝቀዝ ማድረግና ቢከሩን በፓራፊልም ሸፈን ማድረግ ረድቷል።

```
24.00    6.64
24.05    6.71
24.10    6.80
24.15    6.92
24.20    7.08
24.25    7.32
24.30    7.92
24.35    9.53
24.40    9.92
24.45   10.13
24.50   10.26
```

ስሎፖቹ ዝላዩ አካባቢ፦ 24.225 ላይ 4.8፣ 24.275 ላይ 12.0፣ 24.325 ላይ 32.2፣ 24.375 ላይ 7.8። ሰከንዱ 24.30 ላይ +404፣ 24.35 ላይ −488። ዜሮው፦

24.30 + 0.05 × 404 / (404 + 488) = 24.32

ከ 24.26 ወደ 24.32። አንድ አሲድ፣ አንድ ቡሬት፣ አንድ ሰው፣ የተለወጠው በዋናነት እርምጃው ነው። የፒኩም ቁመት ከ 7.2 ወደ 32 ዘለለ። ቁመቱን ማንም አይመነው፣ እርምጃውን ተከትሎ የሚሄድ ቁጥር ነው። በቲዎሪ ሳሰላው ለዚህ ሶሉሽን እውነተኛው ከፍታ 58 አካባቢ ነው የሚመጣው፣ ከርቩ በእውነት ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ስፋት ደግሞ የሚሊሊትር መቶኛ ጥቂት ብቻ ነው።

ነጥቦችን እየዘለሉ ማየት

ይሄን ሳደርግ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። አዲስ ቲትሬሽን ሳልሠራ ከዚሁ ዳታ አንድ እየዘለልኩ ወሰድኩ፣ ልክ በ 0.10 እንደሄድኩ ለማስመሰል። በሁለት መንገድ ይቻላል፣ ከ 24.00 መጀመር ወይም ከ 24.05 መጀመር።

ከ 24.00፦ ፒኤቹ 7.08፣ 7.92፣ 9.92፣ 10.26። ስሎፑ 8.4፣ 20.0፣ 3.4። ከነሱ በፊት ያለው 2.8 ስለሆነ ሰከንዱ 24.30 ላይ +116፣ 24.40 ላይ −166፣ ዜሮው 24.34።

ከ 24.05፦ ፒኤቹ 6.92፣ 7.32፣ 9.53፣ 10.13። ስሎፑ 4.0፣ 22.1፣ 6.0። ሰከንዱ 24.25 ላይ +181፣ 24.35 ላይ −161፣ ዜሮው 24.30።

አያችሁ፣ ቢከሩም ጠብታውም ያው ነው፣ ግን በ 0.10 የሚሄድ ሰው ከየት እንደጀመረ ብቻ ወይ 24.30 ወይ 24.34 ያገኛል፣ ሁለቱም ሁለት ዴሲማል ይዘው በሙሉ ልብ ይወጣሉ። ሰከንድ ዴሪቫቲቭ ከፈርስቱ የሚሻለው ፒኩን በዓይን ከመገመት ስለሚያድን ነው እንጂ በነጥቦቹ መሃል ያለውን ስለሚያውቅ አይደለም። በሁለት ነጥብ መሃል ቀጥታ መስመር ነው የሚያሰምረው፣ እውነተኛው ሰከንድ ዴሪቫቲቭ ግን እዛ ጋር ቀጥታ አይደለም፣ ወደ ላይ ተፈናጥሮ ወደ ታች የሚወረወር ነው። የኔ ግምት እንግዲህ ዜሮው የሚታመነው እስከ እርምጃው ሩብ ድረስ ነው፣ በ 0.10 ከሆነ 0.02 ወዲህ ወዲያ።

ፒኩ አካባቢ ደግሞ እርምጃው እኩል ይሁን። ከ 0.5 ወደ 0.05 የሚቀየርበት ቦታ ዝላዩ ጋር ከተጠጋ ሰፊው ክፍተት ስሎፑን አላግባብ ያሳንሰዋልና ሰከንዱ ላይ የውሸት ጉብታ ይወጣል። ቢያንስ ከዝላዩ በፊት አራት አምስት እኩል ነጥብ ይኑር።

እንግዲያ በ 0.02 ለምን አይሆንም

ሞከርኩት፣ ሦስተኛ ናሙና ላይ። ጠብታን መክፈል ይጠይቃል፣ ቧንቧውን በጥቂቱ ከፍቶ ግማሽ ጠብታ አንጠልጥሎ ማጠብ። ውጤቱ ጋራና ሸለቆ የሆነ ሰከንድ ዴሪቫቲቭ ነው፣ ዜሮን ብዙ ቦታ ላይ የሚያቋርጥ።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ሜትሩ 0.01 ከተወዛወዘ፣ ሰከንድ ዴሪቫቲቩ ላይ የሚያመጣው ስህተት በግምት 0.01 × √6 / h² ነው፣ h እርምጃው። h 0.10 ሲሆን 2.4፣ 0.05 ሲሆን 10፣ 0.02 ሲሆን 61። ፒኩ ራሱ ላይ ቁጥሩ በመቶዎች ስለሆነ 61 ብዙም አይጎዳም፣ ግን 24.00 አካባቢ እውነተኛው ዋጋ ከ10 በታች ስለሆነ እዛ ጋር ምልክቱ በዘፈቀደ ይገለባበጣል። "መጀመሪያ ከፕላስ ወደ ማይነስ የተቀየረበትን ፈልግ" የሚል ፎርሙላ ኤክሰል ላይ ካለ የውሸቱን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የፈርስቱን ትልቁን ቦታ መፈለግ፣ ከዛ ከሱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት የሰከንድ ዋጋዎች ብቻ መጠቀም ነው የሚያዋጣው።

የባሰው ግን ቡሬቱ ነው። በዓይን ሲነበብ 0.01 መሳሳት የማይቀር ነው፣ 0.02 እርምጃ ላይ 0.01 ማለት ስሎፑን በግማሽ ማዛባት ነው። በሞተር የሚሠራ ቡሬት ያለው ሰው ይሂድበት፣ በእጅ ግን 0.05 ላይ ቆምኩ።

በሌላ መንገድ ማጣራት

24.32 እውነት መሆኑን ከዝላዩ ውጭ ባለ ዳታ ማየት ፈለግኩ፣ ለዚህ የግራን ፕሎት አለ። ከዝላዩ በፊት V × 10^(−pH) ከ V ጋር ሲሳል ቀጥታ መስመር ይሆናል፣ መስመሩ ዜሮ የሚነካበት ቮልዩም ነጥቡ ነው። ከሁለተኛው ሩጫ 23.00፣ 23.50፣ 24.00 ላይ ፒኤቹ 6.00፣ 6.22፣ 6.64 ነበር፣ ከነሱ የሚወጣው 23.0፣ 14.2፣ 5.50 (ሁሉም × 10⁻⁶)። መስመሩ ዜሮ የሚነካው 24.31 ላይ ነው። እነዚህ ነጥቦች ኤሌክትሮዱ ቶሎ በሚረጋበት፣ ጋዝም ብዙ በማያስቸግርበት ቦታ የተነበቡ ናቸው፣ ስለዚህ ይሄኛው በእውነት ሁለተኛ ምስክር ነው።

24.32 ይዤ፦ 24.32 × 0.0987 / 25.00 = 0.0960 ሞላር። በ 24.26 ቢሆን 0.0958 ይሆን ነበር። ልዩነቱ ሩብ ፐርሰንት ነው፣ ለአንዳንዱ ሥራ ምንም አይደለም፣ ያው የቡሬቱ የራሱ ቶለራንስም 0.05 ሚሊሊትር ነው። ስታንዳርዳይዝ ያደረግኩት በዚሁ ቡሬት ተቀራራቢ ቮልዩም ላይ መሆኑ ግን ከዛ ስህተት ብዙውን ያጣፋዋል።

ቦሪክ አሲድ ላይ

ዘዴው የት እንደሚሰበር ለማየት ተመሳሳይ መጠን ያለው ቦሪክ አሲድ ሞከርኩ፣ ፒኬኤው 9.2 አካባቢ ነው። በ 0.05 ስሄድ ፒክ የሚባል የለም፣ የተበታተነ ነጥብ ብቻ። ሳሰላው ገባኝ፣ ለእንዲህ ዓይነት አሲድ የስሎፑ ከፍታ በአንድ ሚሊሊትር 0.3 ፒኤች ገደማ ብቻ ነው፣ በ 0.05 እርምጃ የሜትሩ 0.01 መወዛወዝ ብቻውን ፈርስቱ ላይ 0.3 የሚጠጋ ኖይዝ ያመጣል፣ ጉብታውና ኖይዙ እኩል ናቸው። እዚህ እርምጃውን ማሳነስ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ መስፋት ነው ያለበት። በ 0.5 ስሄድ ዝቅ ያለ ሰፊ ጉብታ በፈርስቱ ላይ ታየ፣ ሰከንዱ ግን አሁንም ኖይዝ ውስጥ ነው።

ከዛ ማኒቶል በብዛት ጨመርኩበት። ቦሪክ አሲዱ ከማኒቶል ጋር ተያይዞ በጣም ጠንከር ያለ አሲድ ስለሚሆን ማኒቶሉ ሲገባ ገና ቤዝ ሳይጨመር ፒኤቹ ቁልቁል ወረደ፣ ቲትሬሽኑም በ 0.05 እርምጃ ልክ እንደ አሴቲክ አሲዱ ቀጥ ያለ ፒክ ሰጠ። ማኒቶሉ ራሱ ትንሽ አሲድ ሊኖረው ስለሚችል ባዶ ማኒቶል በውሃ ብቻ ቲትሬት አድርጌ የበላውን ቤዝ እቀንሳለሁ። ቀለም ያለውን ናሙና ከዛ በኋላ ነው የማስገባው፣ በ 0.05፣ ግራኑም አብሮ።